አሸዋውን በር ላይ ስቀሉት

መርካቶ ወይም ሌላ ጠባብ ገበያ ውስጥ ሱቅ ላላችሁ። ለእሳት ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የጀሪካን ውሃ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ነው። አንዱ እጁን ታጥቦበታል፣ ሌላው ቡና አፍልቶበታል። አሸዋ ግን ማንም አይነካውም።

አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን እጀታውን ሳትነኩ አፉን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። አካፋ ይመስላል። የደረቀና የተነፋ አሸዋ እስከ ግማሹ ሙሉበት። ከዚያ በላይ አትሙሉ፤ ግማሹ ብቻ አራት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በአንድ እጅ መበተን ያቅታል። ከዚያ በሩ ጋ፣ ከውጭ በኩል ስቀሉት። እሳቱ ውስጥ ከተነሳ ወደ ውስጥ ገብቶ አሸዋ መፈለግ የለም፤ ጎረቤትም ቶሎ ያገኘዋል።

ከከሰል ምድጃ የወደቀ ፍም ወይም የፈሰሰ ላምባ ሲቀጣጠል ከዳር ወደ መሃል አልብሱት። አሸዋው አየር ይከለክለዋል። ውሃ ግን ላምባውን ይዞ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይወስደዋል። ሶኬት ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ። አሸዋው እርጥብ እንዳይሆን በየጊዜው እጃችሁን ከትታችሁ እዩት፤ በክረምት በተለይ ይጓጉላል።

የጨርቅ ክምር ወይም ስፖንጅ ውስጥ ለገባ እሳት ግን አይሠራም። ላዩ የጠፋ ይመስላል፣ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። እሳቱ ከወገብ በላይ ከደረሰም ተዉት፤ ውጡና አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።