የጨረታ ገምጋሚዎች ነጥብ ሲራራቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

አምስት ገምጋሚዎች የአንድን አማካሪ ድርጅት የቴክኒክ ሰነድ ለየብቻቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጸሐፊው ቅጾቹን ሰብስቦ አማካዩን ያወጣና ሁሉም ይፈርማል። ችግሩ አማካዩ ልዩነትን መደበቁ ነው። የመንገድ ዲዛይን ጥናት ጨረታ ላይ፣ ከ30 ነጥብ በሚያዘው «የአሠራር ዘዴና የሥራ ዕቅድ» መመዘኛ እንዲህ ተሰጠ እንበል። ተጫራች ሀ 24፣ 22፣ 23፣ 25፣ 21 አገኘ። ተጫራች ለ ደግሞ 26፣ 25፣ 11፣ 27፣ 26። የሁለቱም አማካይ 23 ነው። የመጀመሪያው ላይ ኮሚቴው ተስማምቷል፤ ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰው ሌሎቹ ያላዩትን አይቷል ወይም ያዩትን አላየም።

ልዩነቱን ማውጣት

ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ተጫራችና መመዘኛ አንድ መስመር ይያዝ፦ ኤ ተጫራቹ፣ ቢ መመዘኛው፣ ሲ የመመዘኛው ሙሉ ነጥብ፣ ከዲ እስከ ኤች የአምስቱ ገምጋሚዎች ነጥብ። ከዚያ አይ፣ ጄ እና ኬ ላይ በቅደም ተከተል፦

```
=MAX(D2:H2)-MIN(D2:H2)
=I2/C2
=COUNT(D2:H2)
```

የመጀመሪያው በከፍተኛውና በዝቅተኛው ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ርቀቱን ለሙሉ ነጥቡ ያካፍላል፤ ይህ ካልተደረገ ከ5 የሚያዝ መመዘኛ ከ30 ከሚያዘው ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ሦስተኛው ስንት ነጥብ በቁጥር እንደገባ ይቆጥራል። ተጫራች ሀ 4 ለ30፣ ማለትም 13 በመቶ፤ ተጫራች ለ 16 ለ30፣ ማለትም 53 በመቶ ይሆናል። ከስንት በመቶ በላይ ያለው ይወያዩበት የሚለውን ኮሚቴው ቅጾቹን ከማየቱ በፊት ይወስን። እኔ 25ን እመርጣለሁ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚቆረጥ ገደብ ግን ለአንዱ ተጫራች የተሰፋ ይመስላል።

ምልክት፦ ርቀቱ ከሙሉ ነጥቡም ይበልጣል፣ ወይም ቆጠራው ከ5 ያንሳል

ይህ የጽሕፈት ስህተት ነው። «8/10» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ኤክሴል ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ከጀርባው ያለው ቁጥር በአሥር ሺዎች ስለሆነ ርቀቱ ይፈነዳል። «18/30» ደግሞ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና ሳይቆጠር ይታለፋል። ከፊርማ ቅጹ ጋር አመሳክሮ ማስተካከል ብቻ ነው፤ ውይይት አያስፈልገውም።

ምልክት፦ አንድ ገምጋሚ ሁሉንም ተጫራች ዝቅ ያደርጋል

ይህ ሰው እጁ ጥብቅ ነው። ሁሉንም በእኩል ከቀነሰ ቅደም ተከተሉን አይነካም። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይጎዳል። የጨረታ ሰነዱ 70 ዝቅተኛ ማለፊያ ካስቀመጠ 71 የሚያገኘውን ድርጅት ሊጥል ይችላል። ደግሞም እሱ አንዱን ተጫራች ሳይገመግም ከቀረ፣ ያ ተጫራች ያለምክንያት ይጠቀማል። ነጥቡን በቀመር ከፍ ማድረግ፣ ወይም ሰነዱ ሳይፈቅድ ትልቁንና ትንሹን ጥሎ አማካይ ማውጣት አይገባም። «በጣም ጥሩ» ማለት በሰነዱ ምን እንደሆነ አብረው አንብበው፣ ሁሉም ገምጋሚ የሰጠውን ነጥብ ራሱ መልሶ ይመልከተው።

ምልክት፦ አንድ ገምጋሚ፣ አንድ ተጫራች፣ አንድ መመዘኛ

የተጫራች ለ ጉዳይ ይኼው ነው። ሦስተኛው ገምጋሚ ለተጫራች ሀ የሰጠው 23 ከአማካዩ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ጥብቅነት አይደለም። እዚህ ላይ ውይይት ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም «ለምን አሳነስክ?» ሳይሆን «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» መሆን አለበት። አራቱ ባንድ ወገን ስለቆሙ ብቻ ትክክል ናቸው ብሎ መነሳት ትልቁ ወጥመድ ነው። አለቃው ወይም ሰብሳቢው መጀመሪያ ባይናገር ይመረጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚናገር ሰው ነጥቡን ወደሱ መጎተቱ የታወቀ ነው።

በምሳሌያችን ሦስተኛው ገምጋሚ የሥራ ዕቅዱን ሰንጠረዥ ይከፍታል፤ የመሬት ቅየሳው ከዲዛይኑ ማጠቃለያ በኋላ ተቀምጧል። ያለ ቅየሳ ዲዛይን እንዴት ይጠናቀቃል? ሦስቱ ሰንጠረዡን አላዩትም ነበርና 26፣ 25 እና 27ቱን ወደ 19፣ 20 እና 20 ያወርዳሉ። እሱም የዘዴው ገለጻ ጠንካራ መሆኑን አምኖ 11ዱን 15 ያደርገዋል። አምስተኛው ሰንጠረዡ የአቀማመጥ ስህተት ነው፣ ገለጻው ቅየሳውን አስቀድሟል ብሎ በ26ቱ ይጸናል። አማካዩ ወደ 20 ይወርዳል፤ ርቀቱ 11 ለ30፣ 37 በመቶ ስለሆነ አሁንም ከገደቡ በላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራው አልቋል። ልዩነቱ ወደ ዜሮ እስኪወርድ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ የአምስተኛው ምክንያት ከነገጽ ቁጥሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

የመጀመሪያው ቅጽ አይቀደድም፣ በላዩም አይፈቀፈቅም። የተሻሻለው ነጥብ ከነምክንያቱ በአዲስ ቅጽ ተፈርሞ ከፊተኛው ጋር ይያያዛል፤ አቤቱታ ሲመጣ መልሱ ከሁለቱ ቅጾች ይገኛል። በሁለት ፖስታ ጨረታ ይህ ሁሉ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት መጠናቀቅ አለበት። ዋጋ ከታወቀ በኋላ የተነካ የቴክኒክ ነጥብ፣ ምክንያቱ እውነት ቢሆንም እንኳ የሚያምነው አያገኝም።