ለሥራው ትመጥናላችሁ፣ ግን ማንም አይደውልም፦ ችግሩ ከሲቪያችሁ ቃላት ሊሆን ይችላል

ምልክት፦ ማስታወቂያውን ስታነቡ «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» ትላላችሁ። ሲቪ ትልካላችሁ። ዝም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቃል አለመገጣጠም ነው። መጀመሪያ ሲቪ የሚያጣራው ሰው ሙያችሁን ላያውቀው ይችላል። በእጁ ያለው ማስታወቂያው ነው፤ እዚያ ያሉትን ቃላት በሲቪያችሁ ላይ በዓይኑ ይፈልጋል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ይፈልጋቸዋል። እናንተ ያንኑ ሥራ በሌላ ስም ከጠራችሁት አያገኘውም።

አንድ ማስታወቂያ እንውሰድ፦

«የንብረት ክምችት ተቆጣጣሪ። በየወሩ ቆጠራ ያካሂዳል። በመዝገብና በቆጠራ መካከል ያለውን ልዩነት አጣርቶ ሪፖርት ያደርጋል። የግዢ ጥያቄ ያዘጋጃል። ተፈላጊ ችሎታ፦ 3 ዓመት ልምድ፣ ኤክሴል። የኢአርፒ ሶፍትዌር የሚችል ይመረጣል። ታታሪና በቡድን መሥራት የሚወድ።»

የአመልካቿ ሲቪ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በመጋዘን ሠራተኛነት 4 ዓመት አገልግያለሁ። የዕቃ ገቢና ወጪ እሠራ ነበር።» ሴትየዋ በየወሩ ዕቃ ትቆጥር ነበር። ጉድለት ሲገኝ ሰነድ እያገላበጠች ምንጩን የምትፈልገውም እሷ ነበረች። ግን አንዱም አልተጻፈም።

መፍትሄው ማስታወቂያውን አትሞ እስክሪብቶ መያዝ ነው። መጀመሪያ ግሦቹን አስምሩ፦ ያካሂዳል፣ አጣርቶ ሪፖርት ያደርጋል፣ ያዘጋጃል። የቀን ተቀን ሥራው ያለው እነሱ ላይ ነው። ቀጥሎ የመሣሪያና የሙያ ስሞችን ክበቡ፦ ክምችት፣ ቆጠራ፣ ልዩነት፣ ኤክሴል፣ ኢአርፒ። አሁን ከእያንዳንዱ ቃል ጎን «የት? በምን? ምን ያህል?» ብላችሁ መልሱ። መልስ ያለው ቃል ሲቪ ውስጥ ይገባል። መልስ የሌለው አይገባም።

የሴትየዋ ሲቪ በዚህ መንገድ ሲስተካከል፦ «1,200 ያህል የዕቃ ዓይነት ባለው መጋዘን የንብረት ክምችት ቆጠራ በየወሩ አካሂድ ነበር። በመዝገብና በቆጠራ መካከል ያለውን ልዩነት በኤክሴል አጣርቼ ለኃላፊዬ ሪፖርት አደርግ ነበር። ዕቃ ሊያልቅ ሲል ለግዢ ክፍል አሳውቅ ነበር።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ማስታወቂያው «የግዢ ጥያቄ ያዘጋጃል» ነው የሚለው። እሷ ግን በቃል ነበር የምታሳውቀው፣ ቅጽ ሞልታ አታውቅም። ስለዚህ የሠራችውን ያህል ብቻ ጻፈች። የሥራ መደቧንም «ተቆጣጣሪ» ብላ አልቀየረችም። የልምድ ደብዳቤዋ ላይ ያለው «መጋዘን ሠራተኛ» ነው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የተግባሩን ስም ከማስታወቂያው መዋስ ይቻላል፣ የመደቡን ስም ግን አይቻልም።

ምልክት፦ አንድ ነገር ስለጎደላችሁ ብቻ ማመልከቱን ትተዋላችሁ።

እዚህ ጋ የተምታታው «ተፈላጊ» እና «ይመረጣል» ነው። ኢአርፒ የተጻፈው «ይመረጣል» ከሚለው ጋር ነው፤ ባይኖርም በር አይዘጋም። 3 ዓመት ልምድና ኤክሴል ግን ግዴታ ናቸው፣ እነሱ ከሌሉ ሲቪው መጀመሪያ ማጣሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። «ታታሪ» የሚለውን እለፉት፤ የትም ማስታወቂያ ላይ አለ። ጥርጣሬ ከገባችሁ ድግግሞሹን እዩ። በእኛ ምሳሌ «ቆጠራ» ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ስለዚህ ከሲቪው ላይኛው ክፍል መቀመጥ ያለበት እሱ ነው።

ምልክት፦ ትጠራላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛላችሁ።

ማስታወቂያውን እንዳለ ገልብጣችኋል ማለት ነው። ጠያቂው «ባለፈው የተገኘው ልዩነት ከምን መጣ?» ሲል የሚነገር ታሪክ የለም። እኔም አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ የነካሁትን ሶፍትዌር «በሚገባ እችላለሁ» ብዬ ጽፌ፣ «እስቲ ሪፖርት አውጣልን» ተብዬ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አውጥታችሁ ለሁለት ደቂቃ አብራሩት። ካቃታችሁ ደረጃውን አውርዱ፦ «ኢአርፒ፦ መሠረታዊ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ በሥራ ላይ አልተጠቀምኩም»። ሥልጠናውንም ካልወሰዳችሁ ሰርዙት።

ምልክት፦ ቃላቱ አሉ፣ እውነት ናቸው፣ አሁንም ዝም።

ፋይሉን ፈትሹ። ከሲቪያችሁ ላይ ሁሉንም ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ሁለት ዓምድ ያለው ሲቪ መስመሮቹ ተደበላልቀው ሊመጡ ይችላሉ፤ በምስል መልክ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። የሚያነበው ሶፍትዌርም ሊያይ የሚችለው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ዓምድ መልሳችሁ ጻፉት። (ቃላትን በነጭ ቀለም ደብቆ መጻፍ የሚባል ዘዴ አለ። ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ እሱም ፍንትው ብሎ ይወጣል።)