ባልደረባችሁ ስታለቅስ

አለቃዋ ደንበኛ ፊት ጮኸባት እንበል። ካሸር ናት፣ ሒሳብ ጎደለ ተብሎ ነው። እንባዋን ይዛ ሻይ ክፍል ገባች።

ተከትላችሁ ሄዳችሁ "ምን ሆነሽ ነው?" አትበሏት። የሆነውን አይታችኋል፤ እንደገና ስታወራው ለቅሶው ይብሳል። መጀመሪያ መስኮቷ ላይ ሰው ይተካላት፣ ሰልፉ እያሳሰባት አትረጋጋም። ከዚያ ውሃና ሶፍት አስቀምጡላትና በቀስታ "ልቀመጥ ወይስ ብቻሽን ልተውሽ?" በሏት። "ተይኝ" ካለች ውጡ፣ በሩንም ገርበብ አድርጉት። ሳትጠይቁ ማቀፍ ይቅር፤ ወንድ ከሆናችሁማ ጭራሽ።

"እሱ እኮ ባለጌ ነው፣ እኔንም አንዴ…" ማለት ያምራል። ግን ወሬው ወደ እናንተ ይዞራል፣ እሷም ነገ "ስለ አለቃዋ አወራች" ትባላለች።

ሌሎች "ምን ሆና ነው?" ሲሉ "ትመጣለች" ይበቃል። "አሟታል" ብላችሁ አትዋሹ፣ ቆይቶ እሷን ያስጠይቃታል።

ማታ ላይ፣ አለቃዋ ሲጮህባት የሰማችሁትን ቃል በቃል፣ ከቀንና ሰዓት ጋር ለራሳችሁ ጻፉት። በማግስቱ ለብቻዋ "የሰማሁትን ጽፌዋለሁ፤ አቤቱታ ካቀረብሽ እመሰክራለሁ" በሏት። ማቅረብ አለማቅረቡ የእሷ ነው። ዝም ካለች ደግማችሁ አታንሱባት።