«ዛፍ አምላኪ» ከማለት በፊት፦ የአፍሪካን ነባር ሃይማኖቶች ስንገልጽ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በመስከረም መጨረሻ፣ አዲስ አበባ መሐል ላይ ኢሬቻ ሲከበር ለምለም ሣር ይዘው ወደ ሆራ ፊንፊኔ የሚወርዱትን አይቶ «ውኃና ዛፍ ያመልካሉ» የሚል አይጠፋም። ምስጋናው ግን ክረምቱን ላሻገረው ለዋቃ ነው፤ ሣሩ ውኃ ውስጥ የሚነከረውም ለእሱ ለሚቀርበው ምስጋና ነው። ምልክቱን ከሚመለከው ጋር ማምታታት ረጅም ታሪክ አለው፤ ብዙው የመጣውም ቅኝ ገዥዎች ካስፋፏቸው ሁለት ቃላት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተት አንድ፦ ዕቃውን «ፌቲሽ» ብሎ መሰየም

ቃሉ አፍሪካዊ አይደለም። የፖርቱጋል ነጋዴዎች በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ላዩት ሁሉ የሰጡት፣ በአገራቸው ለአስማትና ለክታብ የሚሉት «ፌይቲሶ» ነው። በ1760 ፈረንሳዊው ሻርል ደ ብሮስ ከዚህ ቃል «ፌቲሽዝም»ን አውጥቶ የሰው ልጅ ሃይማኖት የመጀመሪያ ደረጃ አደረገው። አንድ የነጋዴ ቃል እንዲህ ሆኖ የአንድ አህጉር ሃይማኖት ስም ሆነ።

በመካከለኛው አፍሪካ በሚኖረው የኮንጎ ብሔረሰብ ዘንድ «ንኪሲ» የሚባለውን እንውሰድ። በአውሮፓ ሙዚየሞች ምስማር የተመታበት የእንጨት ሰው ሆኖ ይታያል፤ ጎብኚውም «እንጨት ያመልኩ ነበር» ብሎ ይወጣል። አሠራሩን ሲያዩት ነገሩ ሌላ ነው። ጠራቢው የሚሠራው ምስሉን ብቻ ነው። «ንጋንጋ» የሚባለው ባለሙያ በምስሉ ሆድ ወይም ራስ ላይ ባለው ክፍተት «ቢሎንጎ» ይጨምራል፦ ነጭ አፈር፣ የመቃብር አፈር፣ ዕፅዋት። ከዕፅዋቱ አንዳንዶቹ የሚመረጡት ስማቸው ከሚፈለገው ሥራ ግሥ ጋር ስለሚመሳሰል ነው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንም። ቢሎንጎው ከወጣ የሚቀረው ባዶ እንጨት ነው። «ንኮንዲ» በሚባለው ዓይነት ላይ የሚመታው ምስማር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሐላን ወይም የተጠራን ጉዳይ ያስራል፤ መሐላውን ያፈረሰውን ንኮንዲው እንዲከታተለው ነው። ስለዚህ የሕግና የሕክምና መሣሪያም ነበር።

ይህን ያስተካከለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪው ዋያት ማክጋፊ ነው። የተመረኮዘውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካርል ላማን የተባለ ስዊድናዊ ሚስዮናዊ የአገሬው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ እንዲጽፏቸው ባደረጋቸው ደብተሮች ላይ ነው። የእርማቱ ጉልበትም ከዚህ ይመነጫል፤ የሚናገሩት ንኪሲን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ለሙዚየም መግለጫ የምትጽፉ ከሆነ «ፌቲሽ» ከማለት ስሙን፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ ውስጡ ምን እንዳለና መቼ ኃይሉን እንደሚያጣ ጻፉ። ብዙ ቅርሶች ላይ ቢሎንጎው ወጥቷል፤ ክፍተቱ ባዶ ከሆነ ያንንም ግለጹ።

ስህተት ሁለት፦ «ሁሉም ነገር ነፍስ አለው ብለው ያምናሉ»

ይህ የእንግሊዛዊው የባህል ተመራማሪ የኤድዋርድ ታይለር «አኒሚዝም» ነው። በ1871 ሲጽፍ አፍሪካ ውስጥ ጥናት አድርጎ ሳይሆን የተጓዦችንና የሚስዮናውያንን ዘገባ ሰብስቦ ነበር፤ ሐሳቡም ሃይማኖት ሕልምንና ሞትን በስህተት ከማብራራት ተወለደ የሚል ነው።

ሌላው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ከኑዌሮች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ካጠና በኋላ በ1956 ባሳተመው ሥራ የተለየ ነገር አሳየ። ኑዌሮች (በእኛም ጋምቤላ ይኖራሉ) «ክዎዝ» የሚሉት መንፈስ አላቸው። ዝናብን «ክዎዝ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ገልብጠው «ክዎዝ ዝናብ ነው» ግን አይሉም። ዝናቡ የመንፈስ መገለጫ ነው፣ መንፈሱ ግን በዝናቡ አያልቅም። «መንትዮች ወፎች ናቸው» ሲሉም ላባ አላቸው ማለታቸው አይደለም፤ ሁለቱም በተለየ መንገድ የላይኛው መንፈስ ወገን ናቸው ማለታቸው ነው። ስለዚህ «ይህ ያ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ ገልብጣችሁ ጠይቁ፤ የማይገለበጥ ከሆነ «ነፍስ ሰጡት» የሚለው ትርጉም አይሠራም።

ስህተት ሦስት፦ እርማቱን ራሱን ከልክ ማሳለፍ

ናይጄሪያዊው የሃይማኖት ምሁር ቦላጂ ኢዶዉ በ1962፣ ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 አፍሪካውያን ልዑል አምላክን ያውቃሉ ብለው ጽፈዋል። ስድቡን ለማንሳት ይህ ያስፈልግ ነበር። ኡጋንዳዊው ጸሐፊ ኦኮት ፒቢቴክ ግን በእነዚህ ምሁራን እጅ የአፍሪካ አማልክት የግሪክ ፍልስፍና ካባ ለበሱ ብሎ ተቃወመ፤ የእኔም ሚዛን ወደ እሱ ያደላል። ማስረጃው ግልጽ ነው። በ1911 ሚስዮናውያን የአቾሊ ሽማግሌዎችን «ማን ፈጠራችሁ?» ብለው ሊጠይቁ ፈለጉ። በቋንቋው ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል ስላልነበረ ጥያቄው «ማን ቀረጻችሁ?» ሆነ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አናውቅም አሉ። ሲገፋፏቸው ግን፣ የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ይዞት የጎበጠ ሰው «ተቀረጸ» እንደሚባል አንዱ አስታወሰ፤ የሚቀርጸውም ሩባንጋ የተባለ ጠላት መንፈስ ነው። ሚስዮናውያኑም ሰውን የፈጠረው ሩባንጋ ነው ብለው መስበክ ጀመሩ።

ዋቃን በአማርኛ ስንጽፍም ይኸው ወጥመድ አለ። «እግዚአብሔር» ብለን ከተረጎምነው ቃሉ ሰማይንም እንደሚያመለክት፣ ከዋቃ ጋር የተያያዘው አያና የሚባለው መንፈስም የት እንደሚገባ ይጠፋል። ስሙን እንዳለ «ዋቃ» ብሎ ጽፎ፣ አጠገቡ አያናን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይሻላል።