ለአንድ ስም ሁለት ሰርቨር፦ ጭነትን በዲኤንኤስ ማካፈል፣ አንዱ ሲወድቅስ?

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ አለን እንበል። ከከተራ በፊት ባሉት ሳምንታት ክፍል ለመያዝ የሚገባው ሰው በዝቶ ሰርቨሩ አልችል ይላል። ሁለተኛ ሰርቨር ተከራይቶ ጭነቱን ለማካፈል ቀላሉ መንገድ ለአንድ ስም ሁለት የኤ ሬኮርድ ማስገባት ነው። ራውንድ ሮቢን የሚባለው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ሰርቨሮች አንድ ዓይነት አድርጉ። አንዱ ጋ ሎግኢን ያደረገ ደንበኛ ቀጥሎ ሌላኛው ጋ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሴሽኑም የክፍል ምዝገባውም ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ ላይ ይቀመጥ። አለዚያ አንዱ ክፍል ለሁለት እንግዳ ይያዛል።

ቀጥሎ ሬኮርዶቹን አስገቡ። አድራሻዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፦

```
www  300  IN  A  203.0.113.10
www  300  IN  A  198.51.100.20
```

300 ማለት መልሱ ለ300 ሰከንድ፣ ማለትም ለ5 ደቂቃ፣ ካሽ ሊደረግ ይችላል ማለት ነው። አሁን `dig +short www.example.com` ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ ስሙን በራሳችሁ ተኩ። ሁለቱም አድራሻዎች ይመጣሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ይቀያየራል። ብራውዘር አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው ይጀምራል። እኩል ግማሽ ለግማሽ ግን አትጠብቁ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች አድራሻዎቹን በራሳቸው ሕግ መልሰው ይደረድራሉ።

ዋናው ጉዳይ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ የሚሆነው ነው። ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ይኑር አይኑር አያውቅም፣ አድራሻውን መስጠቱን ይቀጥላል። የቆመው ዌብ ሰርቨሩ ብቻ ከሆነ ማሽኑ ወዲያው እምቢ ስለሚል፣ ብራውዘሩ ሁለተኛውን ይሞክራል። ደንበኛው ልብም አይለው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ጭጭ ካለ ግን ብራውዘሩ መልስ እየጠበቀ ይቆያል፤ ብዙ ሰውም ትቶት ይሄዳል። የመጀመሪያውን አድራሻ ብቻ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ጭራሽ አይሠሩም።

ከሁሉም የሚከፋው ሰርቨሩ እየሠራ ከዳታቤዙ ሲቆራረጥ ነው። ግንኙነቱ ተሳክቶ የ500 ስህተት ስለሚመለስ ብራውዘሩ ወደ ሌላው አይሄድም። ምልክቱ «ለእኔ ይከፍታል፣ ለእሱ እምቢ ይለዋል» የሚል ስልክ ነው። ያኔ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈትሹ፦

```
curl -I --resolve www.example.com:443:203.0.113.10 https://www.example.com/
```

የታመመውን ካገኛችሁ ሬኮርዱን አውጡት። ውጤቱ እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ መልሱን ከዚያም በላይ የሚይዙ አሉ።

ይህን ሁሉ ጥር ሳይገባ ሞክሩት። አንዱ ላይ በመጀመሪያ ዌብ ሰርቨሩን አቁሙ፣ ከዚያ አስነስታችሁ ፋየርዎሉ 443ን ያለ መልስ እንዲጥል አድርጉ፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሌሊት ተነስቶ ሬኮርድ የሚያወጣ ሰው ከሌላችሁ፣ ሰርቨሮቹን ራሱ እየፈተሸ የወደቀውን ከመልሱ የሚያስወጣ የዲኤንኤስ አገልግሎት ያስፈልጋችኋል።