ከአሜሪካ የመጣ የግብር ደብዳቤ ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ ያነባል የተባለ ሰው ስልኩ ላይ የማያጣው ነገር አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ የግብር ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፣ «እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ» ይላል። ላኪው ብዙ ጊዜ ትንሽ ንግድ ያለው ሰው ነው። ታክሲ ይነዳል፣ ካፌ አለው፣ ወይም እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ያስረክባል። እኔም እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን እተረጉማለሁ። ሰውን ገንዘብ የሚያስከፍሉት ስህተቶች ብዙ ጊዜ ከከባድ ቃላት አይመጡም። ቀላል ከሚመስሉት ይመጣሉ።

ማሳወቅንና መክፈልን አንድ ማድረግ

ትልቁ ይሄ ነው። እኛ አገር «ግብር ልከፍል ነው» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። ሐምሌ ሲመጣ ነጋዴው ሄዶ ገቢውን ያሳውቃል፣ ሒሳቡ ይሰራለታል፣ ይከፍላል። በአእምሯችን አንድ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ግን ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች አድርጎ ነው የሚጽፈው። አንዱ ገቢን በቅጽ ማሳወቅ ነው፣ ሌላው ገንዘቡን መክፈል ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ቅጣት አለው። ሁለቱ ቅጣቶች ደግሞ በመጠን አይቀራረቡም።

ሳያሳውቁ ለዘገዩ ሰዎች ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ ነው፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አሳውቀው ሳይከፍሉ ለዘገዩ ግን በወር ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ወር ላይ ከተደረቡ ከ5ቱ ላይ ግማሽ በመቶው ይቀነስና 4.5 እና 0.5 ይሆናሉ። ሌላው መታወቅ ያለበት የወር ቁራጭም እንደ ሙሉ ወር መቆጠሩ ነው። «በየወሩ» ብለን ብቻ ካለፍን አንባቢው 40 ቀን የዘገየ ሰው የአንድ ወር ቅጣት ያለበት ይመስለዋል። የሁለት ወር ነው ያለበት።

ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር አንዲት ሴት 4,000 ዶላር ግብር አለባት እንበል። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። በእጇ ገንዘብ የለም። እዚህ ያለው ወንድሟ ደብዳቤውን «ግብርሽን እስከዚህ ቀን ክፈዪ፣ አለዚያ ትቀጫለሽ» ብሎ ተረጎመላት። እሷም «መክፈል ካልቻልኩ ለምን አሳውቃለሁ? ብር ሳገኝ አንድ ላይ እጨርሰዋለሁ» ብላ ተወችው። ከ40 ቀን በኋላ ብሩን አግኝታ አሳወቀችም፣ ከፈለችም። ሳታሳውቅ በመዘግየቷ 9 በመቶ፣ ማለትም 360 ዶላር ትቀጣለች። ሳትከፍል በመዘግየቷ 1 በመቶ፣ ማለትም 40 ዶላር ይጨመርባታል። በድምሩ 400 ዶላር ነው፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ባዶ እጇንም ቢሆን በቀኑ አሳውቃ ቢሆን ኖሮ ቅጣቷ 40 ዶላሩ ብቻ ይሆን ነበር። 60 ቀን ካለፋት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ዝቅተኛ የቅጣት ወለል የሚባል ሌላ ሒሳብ ይመጣል።

ስለዚህ «ማሳወቅ» እና «መክፈል» የሚሉትን ቃላት ከደብዳቤው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለየብቻ ያዟቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አታጭቋቸው። «ገንዘብ ባይኖርሽም እስከ ኤፕሪል 15 አሳውቂ» የሚል መስመር ከትርጉሙ በታች፣ ማስታወሻ መሆኑን ገልጾ፣ መጨመር ተገቢ ይመስለኛል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ፎርም 4868 የሚባለው የማራዘሚያ ጥያቄ 6 ወር ይሰጣል፣ እስከ ኦክቶበር 15። ሰው ይህንን «የግብር ማራዘሚያ» ብሎ ይተረጉመዋል። የሚራዘመው ግን የማሳወቂያው ቀን ብቻ ነው። ክፍያው በኤፕሪል 15 ላይ እንዳለ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወለድ ይቆጥራል። ማራዘሚያውም የሚጠየቀው ከኤፕሪል 15 ሳያልፍ ነው። «የማሳወቂያ ጊዜ ማራዘሚያ» ብለው በሙሉ ስሙ ይጥሩት።

ቀኑን በግማሽ መመለስ

ዓመቱን ሙሉ ግብር የማይቀነስላቸው የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ግምታዊ ግብር በዓመት አራት ጊዜ ይከፍላሉ። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና «በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15» ናቸው። አራት ጊዜ ስለሆነ በየሦስት ወሩ ይመስላል፣ አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሁለት ወር ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ያ «ቀጣዩ ዓመት» ነው። የ2026ን እንውሰድ። ኤፕሪል 15 ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ነው። ጁን 15 ሰኔ 8 ቀን 2018 ነው። ሴፕቴምበር 15 ግን አዲስ ዓመት አልፎ መስከረም 5 ቀን 2019 ይሆናል። ጃንዋሪ 15 ጥር 7 ይውላል፣ ያውም በዚያው በ2019። መስከረም 5/2019 ብለን ጽፈን ቀጥለን «በቀጣዩ ዓመት ጥር» ካልን አንባቢዋ ጥር 2020ን ትጠብቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ አሳለፍናት ማለት ነው። እዚያው የምትኖር ሰው የምትጠቀመው በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ እኔ የእነሱን ቀን አስቀድሜ፣ የእኛን ከጎኑ፣ ሁለቱንም ከነዓመተ ምሕረታቸው እጽፋለሁ።

በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ካለም ይጠንቀቁ። 06/04 እዚያ ጁን 4 ነው፣ በእኛ አጻጻፍ ግን ቀን 6 ወር 4 ሆኖ ይነበባል። ወሩን በፊደል ይጻፉት።

ወለድና ቅጣትን መደባለቅ

ሁለቱንም «ቅጣት» ማለት ይቀለናል። ግን ቅጣቱ በቂ ምክንያት ካቀረቡ፣ ወይም ከዚህ በፊት ጥሩ ታሪክ ካላቸው፣ ሊነሳ ይችላል። ወለድ በዚህ መንገድ አይነሳም፤ የሚቀንሰው የተመሠረተበት ቅጣት ወይም ግብር ሲቀንስ ነው። «ቅጣቱ ይነሳልኝ ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ» ብለን ሁሉንም በአንድ ስም ከጠራን ጠቅላላው የሚሰረዝላት ይመስላታል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ድምር ደግሞ ወለዱ እስከ አንድ ቀን ድረስ ብቻ የተሰላ ነው። ያንን ቀን መዝለል የለብንም፣ ካለፈ ድምሩ አይሠራም።

«ያለ ክፍያ»

በአማርኛ «ክፍያ» ማለት የሚከፈለውም ገንዘብ ነው፣ የአገልግሎት ዋጋውም ነው። ደብዳቤው እስከ 180 ቀን የሚደርስ አጭር የክፍያ ስምምነት መኖሩንና ለማመልከቻው የሚጠየቅ ገንዘብ እንደሌለ ይናገራል። «የ180 ቀን ስምምነት፣ ያለ ክፍያ» ብለው ከመለሱት ሰውየው ለስድስት ወር ምንም እንዳይከፍል የተፈቀደለት ይመስለዋል። «ስምምነቱን ለመግባት የአገልግሎት ዋጋ አይጠየቅም፣ ዕዳው ግን በ180 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፣ እስከዚያው ወለዱና ቅጣቱ ይቆጥራሉ» ማለት ነው ትክክሉ። ረዘም ይላል፣ ይርዘም።

በየወሩ እየከፋፈሉ መክፈልም አለ። እዚህ ላይ ደብዳቤው በቀኑ ያሳወቀ ግለሰብ ስምምነት ከገባ የመዘግየት ቅጣቱ ከግማሽ ወደ ሩብ በመቶ እንደሚወርድ ይጠቅሳል። ብዙ ተርጓሚ «ቅጣቱ ይቀንሳል» ብሎ ያልፍና «በቀኑ ያሳወቀ» የሚለውን ይጥላል። ቅናሹን የሚያስገኘው ግን እሱ ነው።

የመክፈያ መንገዶቹን ስም አይተርጉሙ። Direct Pay የሚለውን «ቀጥታ ክፍያ» ካሉት ድረ ገጹ ላይ ፈልጋ አታገኘውም። ስሙን እንዳለ ጽፈው ቀጥሎ ምን እንደሆነ ያስረዱ፦ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚከፈልበት ነው፣ የአገልግሎት ዋጋ አይወስድም። በካርድ ከሆነ ግን ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት የራሱን ዋጋ ይጨምራል።