ሌሊት ለማይተኛ ጎረምሳ፦ የዘገየ እንቅልፍን ወደ ሰዓቱ እንዴት መመለስ ይቻላል?

ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ዓይኑ አይከደንም ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስቀሰቅሰው ይነጫነጫል፣ ቁርሱን ሳይነካ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደብተሩም ባዶውን ይመለሳል። ስንፍና መስሎኝ ብዙ ተቆጥቼዋለሁ። ለካስ በጉርምስና ወቅት ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን በምሽት የሚመነጭበት ሰዓት ወደኋላ ይዘገያል፤ የስልክና የመብራት ብርሃን ደግሞ ይብሱን ያዘገየዋል። በዚህ ዕድሜ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ችግሩን ይለዩ። ትምህርት ሲዘጋ ማንም ሳይቀሰቅሰው ለአንድ ሳምንት ይተኛ፤ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ይመዝግቡ። አርፍዶ ተኝቶ፣ አርፍዶ ነቅቶ፣ ቀኑን ደህና ከዋለ ሰዓቱ ዘግይቷል ማለት ነው። ያኔም እንቅልፍ ካጣ፣ በኃይል ካንኮራፋ ወይም የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው ሐኪም ይየው።

ቀጥሎ ያለው እኔ የተሳሳትኩበት ነው። በምሽት 3 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲወጣ አስገደድኩት፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ሲያይ አመሸ። ከዚያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ቀስቅሼ መብራት አበራሁበት፤ እንቅልፉ ጭራሽ ዘገየ። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የሰውነት ሙቀት በጣም የሚወርደው በራስ ከመንቃት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚታይ ደማቅ ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ግን ያስቀድማል። ልጄ በራሱ የሚነቃው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስለነበር 11 ሰዓት ለሰውነቱ ገና እኩለ ሌሊት ነበር።

ስለዚህ በራሱ ከሚነቃበት ሰዓት ይጀምሩ፤ የመኝታውን ሰዓት ለጊዜው ይተዉት። በዕረፍት ወቅት በ4 ሰዓት ቀስቅሼ ለግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ ቁርስ አበላሁት። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እያስቀደምኩ በ14 ቀን 12 ሰዓት ተኩል ደረስን። ደመና ቢሆንም ይውጣ፤ የደጅ ብርሃን ከሳሎን አምፖል እጅግ ይበልጣል። የመኝታው ሰዓት ራሱ እየተከተለ ወደ 4 ሰዓት ምሽት መጣ።

ማታ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀድሞ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ይቀመጥ። የስክሪኑን ቀለም ቢጫ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃኑ ቢቀንስም ጨዋታውና መልእክቱ ያነቃሉ። ከቀትር በኋላ ቡና አይጠጣ፤ ከትምህርት ቤት መልስም ረጅም እንቅልፍ አይተኛ።

ቅዳሜና እሑድ ከወትሮው መነሻ ሰዓቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አያርፍድ። እኛ አንድ የበዓል ሰሞን እስከ 5 ሰዓት ስለተኛ ብቻ ሰዓቱ ተመልሶ ዘገየና እንደገና ከበረንዳው ቁርስ ጀመርን።